ከሦስተኛው ገጽ ቀጥሎ

ቱሪያ የምትሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ጠርዝ ላይ ነው። በአንድ ጎኑ የስልክ ሽፋን ይሸጣል፣ በሌላው ጎኑ የልጆች ልብስ ተሰቅሏል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በግንቦት ቀትር ውስጡ ምን እንደሚመስል ለድሬ ሰው አይነገርም። እዚያች ቤት ውስጥ ቱሪያ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ጉዳይ ስትጽፍ ኖራለች። የፍቺ ክስ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልጻፈችው የለም። የሞተ ሰው የሕይወት ታሪክም ትጽፋለች፤ ያ በክርስቲያኖቹ ቀብር ላይ፣ ሬሳው አፈር ሳይገባ፣ የት ተወለደ፣ ምን ሠራ፣ ማንን አገባ፣ ማንን ወለደ ተብሎ በሕዝብ ፊት የሚነበበው። ራሷ ሙስሊም ናት። ስንቱን ክርስቲያን እንዲህ በጣቶቿ እንደሸኘች ግን እሷም አታስታውሰውም።

ድሮ ሰው ወረቀቱን በእጁ ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ማን ይመጣል? በስልኩ ያነሳና በቴሌግራም ይወረውረዋል። አንዱ ገጽ ተጋድሞ፣ አንዱ በአውራ ጣት ተሸፍኖ፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ተነስቶ፣ የፊተኛው ኋላ፣ የኋለኛው ፊት ሆኖ ይመጣል። ከሥሩ «ቶሎ በይልኝ» ተብሎ ይጻፋል። በቃ፤ ሌላው የቱሪያ ዕዳ ነው።

እሷ ደግሞ ዝም ብላ መተየብ አትጀምርም። መጀመሪያ የየገጹን ራስና ግርጌ ብቻ ታያለች። ዓረፍተ ነገሩ የት ላይ እንደተቆረጠ፣ የቱ ገጽ እንደሚቀበለው ትፈልጋለች፤ ቅደም ተከተሉን ከያዘች በኋላ ነው እጇ የሚንቀሳቀሰው። በየገጹ ራስ ላይ እየተደጋገመ የሚመጣውን ርዕስ አንዴ ብቻ ወስዳ ከላይ ታስቀምጠዋለች፤ አለዚያ በሰው ወሬ መሃል እየገባ «የእገሌ የሕይወት ታሪክ፣ የእገሌ የሕይወት ታሪክ» እያለ ይጮኻል። ሁለት ገጽ ላይ የተከፈለውን ቃል ትገጥመዋለች። ያልተነበበላትን «አይነበብም» ብላ በቅንፍ ታስቀምጣለች፣ የጎደለውንም «ይጎድላል» ትላለች። ከራሷ አንዲት ቃል አትጨምርም። ሴትዮዋ ብዙ ኩራት የላትም፤ ያላት ይሄ ነው።

የቤቱ ባለቤት ሙስአብ ይሄን ሁሉ ልፋት አይወደውም። ባለፈው ዓመት ምስል አንብቦ በራሱ ጽሑፍ የሚያደርግ ፕሮግራም ስልኩ ላይ ጭኖ፣ «አቦ ቱሪያ፣ ከእንግዲህ አንቺ ማረም ብቻ ነው» ብሏት ነበር። የአንድ አዛውንት ገጾችን እንደመጡለት ሰጠው። ፕሮግራሙም እንደመጡለት አነበባቸው፤ ሰውየው መጀመሪያ ጡረታ ወጡ፣ ቀጥለው አገቡ፣ በመጨረሻ ተወለዱ። ቱሪያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሙስአብ ከዚያ ወዲህ ለታተመ ወረቀት ብቻ ይጠቀምበታል፤ የእጅ ጽሑፍ ሲመጣ ወደ እሷ ይገፋል።

የእጅ ጽሑፍ ካነበበችላቸው ሰዎች ሁሉ ከድንጋይ እንደተጠረበ አድርጎ የሚጽፈው ወልደጻድቅ ነበር። የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ነው ቤቱ። በየወሩ አንድ ነገር ፈልጎ ይመጣል። አንዴ ለዕድሩ ማስታወቂያ፣ አንዴ ለቀበሌ ማመልከቻ፤ ምንም ሲያጣ ደግሞ ተጽፎ ያለቀ ወረቀት «እንደገና አሳምሪልኝ» ይላል። ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጥና ጣቶቿን ያያል። ወጣት ሳለ አለቃው ያስለመደው አንድ ልማድ ነበረው፤ በየገጹ ራስ ላይ ርዕሱን ይደግማል፣ በየገጹ ግርጌ፣ በቀኝ ጥጉ፣ የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርበትን ቃል ይጽፋል። ቁጥር አይጽፍም። «ቁጥር ይፋቃል፤ ይሄ ግን አንድ ቅጠል ወረቀት ቢነቀል ይናገራል» ይላታል። እሷም ስትተይበው የጥጉን ቃል ትተወዋለች፤ ቀጣዩ ገጽ ላይ ስላለ መደገም የለበትም።

እንግዲህ ይሄ ሰው አባቷ ነው። ሰዉ ያውቃል። ድሬ እንዲህ ያለውን ታውቃለች፣ አውቃም በሰላምታ ታልፈዋለች። ወልደጻድቅ አዲጋላ ጣቢያ ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ ሃዎ ለመንገደኛ ሻይ ትሸጥ ነበር። ልጅ ተወለደች። እሱ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረና ወይዘሮ ማዘንጊያን በተክሊል አገባ፤ ሦስት ልጆች ወለደ። ሃዎም ልጇን አዝላ መጥታ ወንድሟ አብዲቃድር ቤት ገባች። ቱሪያ መታወቂያዋ ላይ «ቱሪያ አብዲቃድር» ናት። አጎቷ ስሙን ሰጣት፤ ስሙን መስጠት የነበረበት ሰው ግን በየወሩ እየመጣ ማስታወቂያ ያስጽፋል።

አንድ ቀን፣ ሙስአብ ለሶላት ወጥቶ ሁለቱ ብቻ ሳሉ፣ «የሕይወት ታሪኬን ጽፌ አስቀምጫለሁ» አላት። «አንቺ አለሽበት። እናትሽም አለች። ምንም አልደበቅኩም።»

«መቼ ነው የሚነበበው ጋሼ?»

«ሲነበብማ… ስሞት ነዋ።»

ቱሪያ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። በድሬ ወግ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ያን ቀን ግን «አንተ» ስትለው ቃሏ እሬት እሬት አለው። «በሕይወት እያለህ አፍህ ምን ሆኖ ነው? አንተ ጉድጓድ ገብተህ የዕድሩ ሽመክት በመነጽሩ ሲያነበው ነው ልጅህ የምሆነው?»

ወልደጻድቅ ወለሉን አየ። «ማዘንጊያ አለች፣ ልጆቹ አሉ» አለ። ከዚያም ወረቀቱን አጣጥፎ ወጣ። ፈሪ ነበር እንግዲህ፤ ምን ተብሎ ይሸፈናል? ቱሪያም ናቀችው። ብትንቀውም ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠበቀች። አባቷ ሲሞት በሰው ፊት ስሟ ሊጠራ ነው፤ ያን ለመስማት ሞቱን መጠበቋ ራሷን ያስጠላት ነበር።

ሞቱን የነገራት ቴሌግራም ነው። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት ከኒቆዲሞስ፣ ከበኩር ልጁ፣ ስድስት ምስሎች ገብተው አገኘች። ከሥራቸው «የአባቴ የሕይወት ታሪክ ነው። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ቶሎ» ይላል። እሷ ጋ የላከው ሌላ ጽሕፈት ቤት ስለማያውቅ ነው፤ ወይም ከእሷ በቀር የአባቱን እጅ የሚያነብ እንደሌለ ስለሚያውቅ። ቱሪያ መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። «የአባቴ» የምትለዋ ቃል ላይ እየደረሰች ትመለሳለች። ሙስአብ ገብቶ ፊቷን ሲያይ ወሬውን ሰምቶ ስለነበር «አላህ ያጽናሽ» አላት። ሌላ ሰው እንዲህ አላላትም፤ ቢያንስ እሱ አለ።

አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ እንደ ወትሮው የየገጹን ራስና ግርጌ ማየት ጀመረች። ርዕሱ በስድስቱም ላይ አንድ ነው፤ «የአቶ ወልደጻድቅ የሕይወት ታሪክ፣ በቀብሩ ዕለት የሚነበብ»። ምስሎቹ ተዘበራርቀዋል፤ መጀመሪያ የመጣው የጡረታው ነው። የጥጉን ቃል እየተከተለች ገጣጠመቻቸው። የልደቱ ገጽ ጥግ የትምህርቱን ገጽ ጠራ፤ የትምህርቱ ጥግ የአዲጋላውን ገጽ ጠራ። ሦስተኛው እሱ ነው። የመጨረሻው መስመር «በአዲጋላ ጣቢያ በጸሐፊነት ባገለገሉባቸው ዓመታት» ይልና ያበቃል። በቀኝ ጥጉ ላይ፣ በዚያ በተጠረበ ጽሑፍ፣ «ከወይዘሮ ሃዎ» ተብሎ ተጽፏል።

የእናቷን ስም በአባቷ እጅ ተጽፎ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ሃዎ ይሄን ሳታይ ነው የሞተችው። ቱሪያ ምስሉን አጉልታ ዝም ብላ አየችው፤ ከዚያ በ«ከወይዘሮ ሃዎ» የሚጀምረውን ገጽ ፈለገች። የለም። የቀሩት ሦስቱ እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ፤ መጀመሪያው «ወደ ድሬዳዋ ተዛውረው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ» ብሎ ይነሳል። ምናልባት ኔትወርኩ በልቶት ይሆናል ብላ «አንድ ምስል አልደረሰኝም» ብላ ጻፈችለት። «ስድስት ነው። ሁሉም ደርሷል» የሚል መልስ መጣ። ደወለችለት።

«ኒቆዲሞስ፣ ከሦስተኛው ቀጥሎ ያለው ገጽ የለም።»

«ባለው ጻፊው።»

«ባለውማ አይያያዝም። ሦስተኛው ላይ ሐሳቡ አላለቀም። የሚቀጥለው በምን እንደሚጀምርም ጥጉ ላይ ጽፎታል።»

ከኒቆዲሞስ ጀርባ የሴቶች ልቅሶ ይሰማል። የጥጉን ቃል ልብ አላለው ይሆናል፤ ለእሱ የሽማግሌ ጭረት ነው።

«ቱሪያ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ዛሬ ቀኑ አይደለም። እማማ ደም ግፊት አለባት፤ በሰው ፊት ይሄን ብትሰማ እዚያው ትወድቃለች። አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ሌላውን ምን አገባው? ክፍተቱ እንዳይታወቅ አድርገሽ አያይዢልኝ። ይሄን ከአንቺ በላይ ማን ይችላል?»

«ገጹ የታለ?»

«የለም።»

«ቀደድከው?»

«የለም አልኩሽ እኮ» አለና ዘጋው።

ሰው በሰው ላይ እንዲህ ይሠራል? ነቅሎ ማውጣቱ ሳያንስ ስፌቱን ራሷ ትስፋው። ደግሞ አሞግሷት። ቱሪያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስክሪኑን አየች። መስፋቱ ቀላል ነበር፤ ሁለት ሦስት ቃል ነው። «በአዲጋላ ጣቢያ በጸሐፊነት አገልግለው ሲያበቁ ወደ ድሬዳዋ ተዛውረው» ማለት ብቻ። እናትና ልጅ እዚያች ስፌት ውስጥ ይቀሩ ነበር፤ ሰሚም አይኖርም።

«ሌላም ማድረግ ትችያለሽ» አለ ሙስአብ፣ የጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ሲሰማ ቆይቶ። «ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። እንደነገረሽ አጫውተሽኛል። አንቺው ጻፊው። ወላሂ እኔ ብሆን ስሜን በትልቁ ነበር የምጽፈው።»

እሷም አስባዋለች። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ነበሩ። «ከወይዘሮ ሃዎ ጋር ተዋውቀው ቱሪያ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ»፤ ይሄን ለመጻፍ ትንፋሽ አይፈጅም። ግን እሱ እንደዚያ ይበል፣ አይበል፣ አታውቅም። «ልጄ» ብሎ ይሆን? «አንዲት ልጅ» ብቻ ብሎ ይሆን? ስለ ሃዎ ምን ብሎ ይሆን? ስትጠብቅ የኖረችው እኮ የእሱን ቃል ነው። የራሷንማ ብትፈልግ ከሃያ ዓመት በፊት ትጽፈው ነበር። አሁን ብትጽፈው ደግሞ ነገ ኒቆዲሞስ «ራሷን ራሷ አስገባች» ቢል ምን ልትመልስ ነው? እውነት ይሆናላ።

እናም ለማንም የምታደርገውን አደረገች። ርዕሱን አንዴ ከላይ አስቀመጠች። የልደቱን፣ የትምህርቱን፣ የአዲጋላውን ገጽ አከታትላ ተየበች። የጥጎቹን ቃላት ሁሉ ቀጣዩ ገጽ ላይ ስላሉ ተወቻቸው። የሦስተኛውን ገጽ ጥግ ግን ቀጣዩ ገጽ አልያዘውም፤ ከጠፋው ቅጠል የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ተየበችው። ከዚያ በቅንፍ ውስጥ «እዚህ ላይ አንድ ገጽ ይጎድላል» ብላ ጻፈች። ከሥር መስመሯን ወርዳ «ወደ ድሬዳዋ ተዛውረው» ብላ ቀጠለች። አንብባ አረመች፣ አተመች፣ ባጃጅ ይዛ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻገረች።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወረቀቱን ለሽመክት ሰጠችው። ሽመክት የዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ በሰፈሩ ቀብር ሁሉ የሚያነበው እሱ ነው፤ ድምፁ ማይክ አይፈልግም። ኒቆዲሞስ ሬሳውን ከተሸከሙት መሃል ስለነበር ወረቀቱን አላየውም። ልየው ቢል ኖሮ ቱሪያ አትከለክለውም ነበር፤ እንዲያየው ሁሉ ተመኝታ ነበር። እሷ ከሴቶቹ በስተኋላ፣ ሻሿን አጥብቃ፣ ጥላ የሌለበት ቦታ ላይ ቆመች።

ሽመክት አነበበ። ልደቱን አነበበ፣ ትምህርቱን አነበበ። «በአዲጋላ ጣቢያ በጸሐፊነት ባገለገሉባቸው ዓመታት ከወይዘሮ ሃዎ» አለና በዚያው ድምፁ፣ በዚያው ዜማው «እዚህ ላይ አንድ ገጽ ይጎድላል» ብሎ አነበበው። ካነበበው በኋላ ነው የደነገጠው። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጎንበስ ብሎ መሬቱንም አየ፤ የወደቀ መስሎት። ጉሮሮውን ጠረገ።

ስለ ምንም ነገር ጮክ ብሎ የሚያወራው የድሬ ሰው ጸጥ አለ። አንድም «ምን አለ?» ያለ የለም። የምድር ባቡር ጡረተኞቹ ባርኔጣቸውን ይዘው ጫማቸውን ያያሉ። ኒቆዲሞስ አንገቱን ዞር አድርጎ ከሴቶቹ በላይ ቱሪያን ፈልጎ አገኛት፤ ዓይኑ ቀልቷል። ወይዘሮ ማዘንጊያ ግን አልወደቀችም። ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም። ቱሪያ በደንብ አየቻት፤ ፊቷ ላይ አዲስ ነገር የሰማ ሰው መልክ የለም። ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። እሷ እንዳትሰማ ተብሎ ነው ሃዎም ቱሪያም ዕድሜ ልካቸውን የተደበቁት፤ ገጹም የተነቀለው።

«ወደ ድሬዳዋ ተዛውረው» ብሎ ቀጠለ ሽመክት፤ ተክሊሉን፣ ሦስቱን ልጆች በየስማቸው፣ ጡረታውን አነበበ። «የሦስት ልጆች አባት ነበሩ» ብሎ ጨረሰ። አፈሩ ተመለሰ። ሰው ተሰልፎ ልጆቹን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እያለ አለፈ። ቱሪያ ጋ ሲደርሱ የሚያውቋት ሁሉ «ቱሪያ፣ ደህና ነሽ?» አሏት፤ እንደ ሁልጊዜው። እሷም «አልሐምዱሊላህ» አለች። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ የጎደለው ገጽ ምን ነበር ብሎ አልጠየቃትም። ቆርጣ የመጣችው ለዚያ ነበር። የሚጠይቃት ካለ ልትናገር ነበር። ወደ ታይዋን በእግሯ ተመለሰች፤ የቀረውን ቀን የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስትገጥም ዋለች።

ለአርባው አንድ ሳምንት ሲቀረው ኒቆዲሞስ ጻፈላት። ስለ ቀብሩ አላነሳም። «ለአርባው በትንሽ መጽሔት ልናሳትመው ነው፣ ፎቶውም ይኖርበታል። ያቺን የቅንፍ መስመርና ከፊቷ ያለውን ስም አውጥተሽ ፋይሉን ላኪልኝ። እባክሽ። ለእሱ ስትይ» ይላል።

ቱሪያ ብዙ ጻፈች። «ለእሱ» የሚለውን ጠቅሳ ጻፈች፣ አጠፋች። ስለ እናቷ ጻፈች፣ አጠፋች። እኔ ምን አደረግኳችሁ ብላ ጻፈችና እሱንም አጠፋች፤ እንባዋ መጥቶ ነበር፣ እንባዋንም ለኒቆዲሞስ ልትሰጠው አልፈለገችም። በመጨረሻ ለማንኛውም ደንበኛ የምትጽፈውን ጻፈችለት።

«ገጹን ላክልኝ። ገጹ ሲገባ መስመሯ ትወጣለች።»

መልእክቱን ከፈተው። ከላይ «እየጻፈ ነው» የሚለው ታየ፤ ቆመ፤ እንደገና ታየ፤ ጠፋ። ቱሪያ ምሳዋን ሳትበላ እዚያው ተቀምጣ ጠበቀች። ምንም አልመጣም።